«ታዲያ ምን ላድርግ?»፦ መልእክት ለሚያስተላልፉ ወንድሞችና እህቶች የተደረገ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እዚህ የተቀመጥነው ሁላችን ሐሙስ ማታ ስልካችንን የማናስቀምጥ ሰዎች ነን። ከአንዱ የደረሰንን ለሃምሳው እንልካለን፤ ሃምሳውም እንዲሁ ለየወዳጁ ይልካል። ስለዚህ የዛሬው ወሬያችን ስለ ሌላ ሰው ስህተት ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለጁሙዓ ተቃውሟችን የላክነውን አንድ ሜሴጅ እንዳለ ይዘን መጥተናል። የጻፍነው እኛው ነን። አራት ነጥብ እንኳ የለውም፤ እንዲህ ይላል፦

«አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ ውድ የዲናችን ጠባቂዎች እንዴት ናችሁ አልሐምዱሊላህ ባለፈው ጁሙዓ ያሳያችሁት አንድነት እጅግ የሚያኮራ ነበር አላህ ይቀበላችሁ እና ብዙ ወንድሞች ስለ ቀጣዩ እየጠየቁን ስለነበር ትናንት ማታ ተመካክረን ነበር አንዳንዶች እንደ ባለፈው ይሁን ሲሉ ሌሎች ደግሞ ዝም እንበል አሉ በመጨረሻም ኢንሻ አላህ ነገ ከሶላት በኋላ መፈክር ሳይኖር ነጭ ወረቀት ከፍ አድርገን ለትንሽ ደቂቃ ቆመን በዝምታ እንድንበተን ተስማምተናል ወረቀት ያላችሁ ለሌለው አካፍሉ ደግሞ ማንም ቢተነኩሳችሁ መልስ እንዳትሰጡ ሼር አድርጉ»

ስንጽፈው ደስ ብሎን ነበር። ፍቅር አለው፣ ምስጋና አለው፣ እውነትም ነው። በማግስቱ ግን ኢማሙ አሰላምተው ሶላቱ ሲያበቃ ከፊት ሶፍ የነበሩት ወንድሞች ነጭ ወረቀት አንሥተው ጸጥ አሉ፤ በሩ አካባቢ የነበሩት ወጣቶች ደግሞ እንደ ቀደመው ሳምንት ተክቢራና መፈክር ጀመሩ። በሴቶች በኩል የነበሩት እናቶች ምንም አልደረሳቸውምና ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ቤት ሄዱ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ሦስት ዓይነት ሰው ሆንን። ከወጣቶቹ ሁለቱ በር ላይ ተይዘው ማታ ተለቀቁ። የዝምታው ውሳኔ ማንም ሰበብ እንዳያገኝብን የተወሰነ ነበር። ሰበቡን የሰጠነው እኛው ነን።

ከተለቀቁት አንዱን «ለምን መፈክር አሰማህ?» አልነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። «ባለፈው ጁሙዓ ነው የሚለው፤ እንደ ባለፈው ቀጥሉ ያላችሁን መስሎኝ ነው» አለን። በስልኩ ላይ የነበረው የመልእክቱ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነበር። የቀረው ሌሊቱን አልገባለትም።

እዚህ ላይ ቴክስት እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልገናል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ቴክስት 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ከ70 ካለፈ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ደግሞ ክፍሎቹን ለማያያዝ የሚያስፈልገው ምልክት ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው 67 ነው። አንዳንዱ ስልክ ክፍሎቹን ገጣጥሞ እንደ አንድ ጽሑፍ ያሳያል፤ አንዳንዱ ለየብቻ ያሳያል፤ መስመር በተጨናነቀ ጊዜ ደግሞ አራተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ይገባል፣ ወይም ጭራሽ አይገባም።

ያንን ሜሴጅ ቁጭ ብለን ቆጠርነው፤ 341 ሆነ፤ ስድስት ክፍል ማለት ነው። የመጀመሪያው 67 የሚያልቀው ልክ «ባለፈው ጁሙዓ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ልጁ አልዋሸንም። ነገ ምን እንደሚደረግ መናገር የምንጀምረው በአራተኛው ክፍል ነው። ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ «ር አድርጉ» የሚል ብቻ ነው፤ «ሼ» አምስተኛው ውስጥ ቀርታለች። ለዚያች ለ«ር አድርጉ» እያንዳንዳችን የአንድ ሙሉ ቴክስት ሒሳብ ከፍለናል።

የቁጥሩን ነገር እንተወውና እንደ አንባቢ እንየው። በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ሰውን «ይህን አድርግ» የሚል የመጀመሪያው ግስ የትኛው ነው? «አካፍሉ» ነው። ዋናው ነገር፣ ወረቀት ማንሣቱና ዝም ማለቱ፣ የተነገረው በትእዛዝ ሳይሆን «እንድንበተን ተስማምተናል» በሚል ወሬ ነው። የተስማማነውን ነገርናቸው እንጂ የሚያደርጉትን አልነገርናቸውም። ከዚያም የባሰ አለ። ያልመረጥነው ሐሳብ፣ «እንደ ባለፈው ይሁን» የሚለው፣ መልእክቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ከመረጥነውም ይቀድማል። እየተራመደ በጨረፍታ ለሚያነብ ሰው ትእዛዙ ያ ነው። የስብሰባ ክርክራችንን ለሕዝብ የምንልክበት ምክንያትም አልነበረም፤ ስልኩን ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

እንግዲህ ስክሪብቶ ይዘን ማሳጠር ጀመርን። ምስጋናውን አልጣልነውም፤ ለብቻው አወጣነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ምንም እንዲያደርግ በማይጠበቅበት ሰዓት ቢላክ ልቡ ይገባል። ሐሙስ ማታ ግን መንገድ ይዘጋል። ምክክራችንን ሙሉ በሙሉ ሰረዝነው። «ነገ» የሚለውን በቀን ተካነው፤ ሐሙስ ማታ የተጻፈ «ነገ» ጁሙዓ ረፋድ ላይ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቅዳሜ ይሆናልና። «ጁሙዓ ማታ» ማለትም አያዋጣም፤ ጁሙዓ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚገባለት ሰው ሌሊቱን ከእኛ በአንድ ቀን አስቀድሞ ያስበዋል።

«ለትንሽ ደቂቃ» የሚለው ላይ ስንደርስ ተያየን። ስንት ደቂቃ? አንዳችን ሦስት አልን፣ አንዳችን አሥር። ለካ አልወሰንነውም ነበር! ረጅሙ ጽሑፍ ሸፍኖልን ነበር። ማሳጠር ስንጀምር ነው ያልተወሰነው ነገር ቁልጭ ብሎ የታየን። አምስት ደቂቃ ይሁን አልን።

ቀጥሎ አንዲት እህት ያነሣችው ነገር አሳቡን ሁሉ ገለበጠው። «ሐሙስ ማታ ይህን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ወረቀት ማንሣት አይደለም፤ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ማስገባት ነው» አለች። እውነቷን ነው። እኛ የጻፍነው በእኛ ቅደም ተከተል ነው፤ ሰውየው የሚያነበው ቤቱ ሆኖ ነው። ስለዚህ ፊት መምጣት ያለበት እዚያው እንዳነበበ የሚያደርገው ነው። እንዲህ ጻፍነው፦

«አሰላሙ አለይኩም። ለጁሙዓ የካቲት 8 ነጭ ወረቀት ያዙ። ከሶላት በኋላ አንሡት፤ 5 ደቂቃ ዝም። መፈክር የለም።»

ቆጠርነው፤ ልክ 70። በአንድ ቴክስት ይገባል። ደስ አለን፣ ግን ብዙም አልቆየ። አንዱ ወንድም መጨረሻው ላይ «ሼር» ብሎ ቢጨምርበትስ? 70ን ያልፋል፣ ይቆረጣል፣ የመጀመሪያው ክፍልም 67 ላይ ያበቃል። 67ኛዋ ፊደል የ«የለም» የመጀመሪያዋ «የ» ናት። ለአንባቢው የሚደርሰው «5 ደቂቃ ዝም። መፈክር የ» ይሆናል። «ለም» ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አላህ ያውቃል። የከለከልነውን ነገር ያዘዝን እንመስላለን ማለት ነው። ስለዚህ ቃል ሳንቀንስ ቦታ ቀየርን፦

«አሰላሙ አለይኩም። ለጁሙዓ የካቲት 8 ነጭ ወረቀት ያዙ። መፈክር የለም። ከሶላት በኋላ አንሡት፤ 5 ደቂቃ ዝም።»

ይህም 70 ነው። አሁን ጫፉ ቢቆረጥ የሚጠፋው «ዝም» ነው፤ መፈክር እንደሌለ ግን አስቀድሞ ተነግሯል። የቀረውን በሁለተኛ ቴክስት ለብቻው ላክነው፦ «ማንም ቢተነኩሳችሁ አትመልሱ። ወረቀት ለሌለው አካፍሉ። በዝምታ ተበተኑ።»

ይህ ጉዳይ ከቋንቋችን ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አይደለም»ም «የለም»ም ከኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በረዘመ ቁጥር ሰውየው ምን አድርግ እንደተባለ የሚያውቀው እየዘገየ ይሄዳል፤ «እንዲህ ስለሆነ፣ እንዲያ ስለነበር፣ ይህንንም ከግምት በማስገባት» እያልን ስንቀጥል ግሱ ከቤት ሳይወጣ ክፍሉ ያልቃል። ድርጊቱን እናስቀድም ስንል ግሱን ከቦታው ነቅለን ፊት እንትከል ማለታችን አይደለም፤ «ያዙ ነጭ ወረቀት» ብሎ የሚጽፍ የለም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ቃል ሆኖ በግሱ ይዘጋ ማለታችን ነው። ምክንያቱ ካስፈለገ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይምጣ። «ጁሙዓ ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። በሩ ላይ ግፊያ ስለሚኖር ነው።» በዚህ ቅደም ተከተል ሁለተኛው ቢጠፋ እንኳ ሰውየው ጫማውን ይዞ ይገባል። ሲገለበጥ ግን ስለ ግፊያው ሰምቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ይመጣል።

አንዳንዶቻችሁ ከቁጥሩ ለማምለጥ በላቲን እንጻፍ ትላላችሁ። 160 ፊደል ይገኛል፣ ፊደላችንን የማያሳይ አሮጌ ስልክም ያነበዋል። ልክ ነው፣ አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ግን በላቲን ሲጻፍ «ጠ» እና «ተ» አንድ ይሆናሉ። endatmetu ብላችሁ ስትጽፉ «እንዳትመጡ» ነው ወይስ «እንዳትመቱ»? አንዱ ቤት ቅሩ ነው፤ ሌላው እጃችሁን ሰብስቡ ነው። በላቲን የግድ ከሆነ እንዲህ የሚያምታታውን ቃል ትታችሁ ሌላ ፈልጉ፤ «ቤታችሁ ስገዱ» ማለት ይቻላል።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ እናንሣ። «ዱዓውንና ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ትእዛዝ መሮጥ አደብ ነው ወይ?» የሚል ነው። እናቶቻችንም ይህን ይሉናል፤ የሚሉትም ከመልካም አስተዳደግ ነው። ሰላምታው አይቅር፤ ከ70ው ውስጥ አሥራ አንዱን ሰጥተነዋል። የምንለው ሰላምታው ሰላምታ ይሁን፣ ሦስት መስመር አይሁን ነው። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ለሰበእ ንግሥት የላኩትን ደብዳቤ አስቡት። ቁርኣን በሱራ አን-ነምል ይነግረናል። ሁድሁድ የተሸከመው ያ ደብዳቤ ከማን እንደሆነ ይናገራል፣ በአላህ ስም ይጀምራል፣ ወዲያውም ከንግሥቲቱ የሚፈለገው ይመጣል፤ በእሳቸው ላይ እንዳትኮራና ታዛ እንድትመጣ። ሁለት አንቀጽ ነው። ንግሥቲቱም እንዳነበበችው ያደረገችው መኳንንቷን ሰብስባ «ምን ትመክሩኛላችሁ?» ማለት ነው። ምን እንደተባለች ለመረዳት አልተቸገረችም። በአገራችን የዚህችን ንግሥት ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ደብዳቤው ምን ያህል አጭር እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

ሌላው ከባድ ቦታ ሐሳብ ሲቀየር ነው። ረቡዕ አንድ ነገር ተልኮ ሐሙስ ሌሊት ሲሰረዝ፣ ሰዉ እጅ ላይ ሁለት መልእክት ይኖራል፤ የቱ እንደሚቀድም አያውቅም። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በዝናብ ቀን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ሙአዚናቸውን አዛን ላይ ወደ ሶላት ኑ የሚለው ጥሪ ጋ ሲደርስ እሱን ትቶ በየቤታችሁ ስገዱ እንዲል አዘዙት። ሰዎቹ ተገረሙ፤ እሳቸውም ከእሳቸው የሚበልጡት እንዲህ ማድረጋቸውን ነገሯቸው። ቦታውን ልብ በሉልን። አዛኑ ካለቀ በኋላ «በነገራችን ላይ ዛሬ ዝናብ ስለሆነ» አልተባለም። ሰዉ «ኑ» የሚለውን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ራሱ ነው አዲሱ ትእዛዝ የገባው። 

እኛም ስንሰርዝ እንደዚያ እናድርግ፦ «የጁሙዓ የካቲት 8 ፕሮግራም ተሰርዟል። ሰግዳችሁ ወደ ቤት።» ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ነው። «ይቀራል» አትበሉ፤ «ፕሮግራሙ ይቀራል» ሲባል ተሰረዘ ነው፣ «ሁለት ቀን ይቀራል» ሲባል ገና አለ ነው፤ በችኮላ ሲነበብ ይደባለቃሉ። «ማስተካከያ» የሚል ቃል ብቻ ፊት አስቀምጣችሁ የድሮውን መልእክት እንዳለ ከሥሩ ለጥፋችሁ አትላኩ። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የለመደው ጽሑፍ ላይ ነው፤ «ይሄን አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ውጭ ላሉ ወንድሞችና እህቶች ስትልኩ ደግሞ ሰዓት ከጻፋችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ይታወቅ። የእኛ «7 ሰዓት» ሪያድ ላለው ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ላለው ገና ጎሕ አልቀደደም። መስጊድ ውስጥ ለሚሆን ነገር ከሰዓት ይልቅ «ኢማሙ እንዳሰላመቱ» ማለት ይሻላል፤ ሁሉም እዚያው የሚሰማው ነው።

ማሳጠር የማያዋጣበትም አለ፤ ይህን ካልነገርናችሁ ነገ ሁሉን ነገር ትቆርጡታላችሁ። ሰው ሲሞት፣ ወንድም ሲታሰር፣ ለቤተሰቡ የሚጻፈው በትእዛዝ አይጀምርም፤ እዚያ ምንም እንዲያደርጉ አንፈልግም፣ አብረናችሁ ነን ማለት ነው የምንፈልገው። ደግሞ አጭር መልእክት ለማስመሰል ቀላል ነው። 70 ፊደል ማንም ይጽፋል፤ በስማችን «ጁሙዓ መንገድ ላይ ውጡ» ብሎ ሊበትን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ማስረዘም አይደለም። የምታውቁት ሰው ካልላከላችሁና በተለመደው ቦታችን ላይ ተጽፎ ካላያችሁት አታስተላልፉ። ጥያቄዎቻችን በሁሉም አፍ ውስጥ ስላሉ ከእነሱ ጋር የማይሄድ ጥሪ ሲመጣ ሰው ይጠረጥራል፤ ያንን ጥርጣሬ አክብሩት።

አስተላላፊዎችን በተለይ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የደረሳችሁን መልእክት ስትልኩ ከላዩ ላይ የራሳችሁን ሰላምታ፣ ዱዓ ወይም «ይሄን አንብቡት በጣም ወሳኝ ነው» የሚል አትጨምሩበት። አራተኛው አስተላላፊ ጋ ሲደርስ አራት ሰላምታ ተደራርቦ ድርጊቱ ተመልሶ ወደ ታች ወርዷል። መጨመር ካለባችሁ ለብቻው ሌላ ቴክስት ላኩ።

መልእክቱ መስተካከሉን የምናውቅበት መንገድ አለን። ስብሰባው ላይ ያልነበረች አንዲት እናት ጋ ደውለን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እናነብላታለን፤ ከዚያ ዝም እንላለን። ያንን ረጅሙን በኋላ አንብበንላት ነበር። እስከ «አላህ ይቀበላችሁ» ሰማችንና «አሚን፣ አሚን ልጆቼ። ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትሉት?» አለችን። አጭሩን ስናነብላት ደግሞ «ነጭ ወረቀት? የልጄ ደብተር አለ፣ ከእሱ እቀዳለሁ» አለች። ጥያቄ አልጠየቀችም። «ለምን?» ብትለን እንመልስላታለን፤ «ምን ላድርግ?» ካለችን ግን መልእክቱ አይላክም፣ ተመልሶ ይጻፋል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ካስተላለፋችኋቸው ውስጥ ረጅሙን ፈልጉ። የተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ሰባ ሳጥን ተሰምሯል። በአንድ ሳጥን አንድ ፊደል፣ ለክፍት ቦታም አንድ ሳጥን። ከመግሪብ በፊት ጥንድ ጥንድ ሆነን እንጽፈዋለን፤ ከዚያ ለጎረቤታችሁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ታነቡለታላችሁ።

ወሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።